ከ«ድንግዝግዝ» ወደ «ሊመሽ ነው»፦ የአንድ የልጆች ተረት መጽሐፍ ቃላት ማቅለያ ማስታወሻ

ሥራው፦ 16 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ። ሳባ የምትባል ልጅ ጥጃዋ ይጠፋባታል፤ የቃጭሉን ድምፅ ተከትላ ወንዝ ዳር ታገኘዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ አዋቂ ለልጅ እንዲያነበው የተጻፈ ነው። አሁን የሚፈለገው ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም የጀመረ ልጅ፣ ማለትም አንደኛ ክፍልን ሊጨርስ የደረሰ ወይም ሁለተኛን የጀመረ፣ ብቻውን እንዲያነበው ነው። ሥዕሎቹ ተሥለው አልቀዋል፣ ተከፍሎባቸዋልም። ስለዚህ መቀየር የሚቻለው ጽሑፉን ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ማጽዳትና መቁጠር

ከመቁጠር በፊት ፋይሉ መጽዳት አለበት። በስልክ የተተየበ አማርኛ ላይ አራት ነጥቡ ብዙ ጊዜ እውነተኛው «።» አይደለም፤ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደግሞ «፡፡» ሆኖ ይገኛል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው። ዓረፍተ ነገር በ«።» የሚቆጥር መሣሪያ ሁሉ በዚህ ይሳሳታል፦ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለበትን ገጽ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው ይላል። መጀመሪያ ሁሉንም በፈልግና ተካ ወደ «።» መቀየር።

ቀጥሎ የአጻጻፍ አንድነት። «ድምፅ» እና «ድምጽ»፣ «ሣር» እና «ሳር» በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀላቅለው ነበር። አዋቂ አያስተውለውም። ጀማሪ አንባቢ ግን ቃሉን በቅርጹ መያዝ ገና እየጀመረ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ገጽ በሌላ ፊደል ሲመጣበት አዲስ ቃል ይሆንበታል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ትተን ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ የሚጠቀምበትን ያዝን፤ እሱኑ እስከ መጨረሻው።

ለቆጠራው የተጠቀምንበት አጭር የፓይተን ኮድ፦

```
import re, collections
t = open("tija.txt", encoding="utf-8").read()
w = re.findall(r"[\u1200-\u135A]+", t)
c = collections.Counter(w)
for x in sorted(c, key=len, reverse=True):
    sadis = sum(ord(ch) % 8 == 5 for ch in x)
    print(len(x), sadis, c[x], x)
```

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቃሉ ስንት ፊደል እንዳለው፣ ከነዚያ ስንቱ ሳድስ እንደሆኑና ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ያወጣል። ሳድሱን ለመለየት የሚሠራው `% 8 == 5` ምሥጢር የለውም፦ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ የግዕዝ ፊደሎች ስምንት ስምንት ሆነው ስለተደረደሩ ሳድሱ ሁልጊዜ ስድስተኛው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 5 ይሆናል።

ሳድስ ለብቻው የተቆጠረበት ምክንያት አለ። «ለ»ን ያወቀ ልጅ «ለ»ን አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚያነበው። «ል» ግን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ፊደሉ አይናገርም። አንድ ሳድስ በቃል መጨረሻ ላይ ችግር አይደለም። አራትና አምስት ሲከታተሉ ግን ልጁ ሁሉንም እኩል እየጎተተ ያነብና መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያነበበው ቃል ምን እንደሆነ አያውቀውም።

ደረጃ 2፦ «ከባድ» ማለት ምን እንደሆነ መለየት

ከዝርዝሩ አናት የወጡት «የተንጣለለውን» (8 ፊደል)፣ «ስላልተመለሰላት» (9 ፊደል)፣ «ስትንከራተት» (7 ፊደል) እና «በድንግዝግዙ» (7 ፊደል፣ ከነሱ 5ቱ ተከታታይ ሳድስ) ናቸው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ማቅለል ግን አይሠራም፤ የሚከብዱበት ምክንያት አንድ አይደለምና።

የለየንበት መንገድ ቀላል ነው። መጽሐፉ ሳይከፈት ቃሉ ለልጁ በቃል ይነገረዋል፦ «ጅረት ምንድን ነው?»፣ «ድንግዝግዝ ሲል ምን ማለት ነው?» ከዚያ ያው ቃል በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። በጆሮው አውቆት በዓይኑ ያቃተው ቃል የንባብ ችግር ነው፤ መድኃኒቱ ማሳጠር ወይም መበተን ነው። በዓይኑ አንብቦት ትርጉሙን ያላወቀው የትርጉም ችግር ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ ቃል ወይም ሥዕል ነው። በሁለቱም ያቃተው ይወጣል።

«ጅረት» ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ገባ፦ ሦስት ፊደል ነው፣ ለማንበብ አይከብድም፣ ብዙ የከተማ ልጅ ግን አያውቀውም። «ስትንከራተት» ሦስተኛው ውስጥ። «ድንግዝግዝ»ን የገጠር ልጆች በጆሮ ያውቁታል፤ ለንባብ ግን ስድስቱም ፊደል ሳድስ የሆነበት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቃል የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ደረጃ አይሆንም።

በተቃራኒው «ቃጭል» ለዝርዝሩ ከበድ ያለ ቢመስልም ተረፈ። «ጨ» በፊደል ገበታው 28ኛ ላይ ያለ ስለሆነ ልጁ ዘግይቶ የሚደርስበት ነው፤ «ደወል» ብንለው ይቀልል ነበር። ነገር ግን ታሪኩ የቆመው በቃጭሉ ላይ ነው፣ ሥዕሉም በየገጹ ያሳየዋል። አንድ ከባድ ቃል ሥዕል ካለውና ደጋግሞ ከመጣ ልጁ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ፊደል አይቆጥርም፤ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከባድ ቃል ነው የሚጎዳው፤ ለማንበብ የተከፈለው ድካም ለሌላ ገጽ አይተርፍም። ስለዚህ ከባድ ቃል እንዲቆይ የተደረገው ቢያንስ በአምስት ገጽ የሚመጣ ከሆነና በሥዕል የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ያሟላው «ቃጭል» ብቻ ሆነ።

ደረጃ 3፦ ቃል በቃል መተካት (አልሠራም)

መጀመሪያ የተሞከረው ዓረፍተ ነገሩን ሳይነኩ ከባዱን ቃል ብቻ በተመሳሳይ መተካት ነበር። ገጽ 5 ላይ የነበረው፦

«በድንግዝግዙ ብርሃን ሳባ የተንጣለለውን መስክ አቋርጣ ጥጃዋን ፍለጋ ስትንከራተት፣ ከጅረቱ ባሻገር የቃጭል ድምፅ አስተጋባ።»

«የተንጣለለውን» በ«ሰፊውን» ተተካ፣ «ስትንከራተት» በ«ስትዞር»፣ «ከጅረቱ ባሻገር» በ«ከወንዙ ማዶ»፣ «አስተጋባ» በ«ተሰማ»። እያንዳንዱ ቃል ቀለለ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልቀለለም፤ የሚያነበው ልጅ መሃል ላይ ይጠፋል። በአማርኛ ማሰሪያው ግሥ መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ «ሳባ» ብሎ ከጀመረ በኋላ «አቋርጣ»ን፣ «ስትዞር»ን ተሸክሞ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የሚያገኘው ግሥ የሳባ ሳይሆን የድምፁ ነው። ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው ይህን ያህል ነገር በአእምሮው ይዞ አይቆይም።

ሌላው ወጥመድ የመዝገበ ቃላት ተመሳሳይ ነው። «ተንከራተተ» ሲሉት «ተንገላታ» ይሰጣል፤ የሚያጥረው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፣ ክብደቱ ያው ነው፣ ትርጉሙ ደግሞ ወደ መከራ ያዘነብላል። የሚተካውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ «ይህን ሥዕል አይተህ ምን እያደረገች ነው?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ይሻላል። የሁሉም መልስ «ጥጃውን እየፈለገች ነው» ነበር። ቃሉ እዚያው ነው፦ ፈለገች።

ደረጃ 4፦ ገጽ 5 እንደገና

ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፦ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን መበተን፣ ከዚያ ሥዕሉ የሚናገረውን ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀረውን ቃል መተካት።

ሲበተን የሚታየው ከግሥ ፊት የሚለጠፉት ናቸው፦ «ስት-»፣ «እየ-»፣ «እንድት-»፣ «ስላል-»። እነዚህ ሁለት ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ ምልክት ናቸው። የተለጠፈውን አንስቶ ግሡን በራሱ ማሰር ቃሉን ከሁለት እስከ አራት ፊደል ያሳጥረዋል። ከዚያ ሥዕሉ፦ መስኩ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፣ ስለዚህ «የተንጣለለውን መስክ አቋርጣ» ሙሉ በሙሉ ወጣ። «ድንግዝግዝ» «ሊመሽ ነው» ሆነ። «ጅረት» «ወንዝ» ሆነ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ውኃ ትንሽ ቢሆንም ልጅ ትንሹንም ትልቁንም ወንዝ ነው የሚለው።

የወጣው፦

ሊመሽ ነው።
ሳባ ጥጃውን ፈለገች።
ጥጃው የለም።
«ቃጭ! ቃጭ!»
ሳባ ቃጭሉን ሰማች።
ወደ ወንዙ ሮጠች።

አሁን ቁጥሩን ማነጻጸር። የመጀመሪያው 14 ቃል፣ 62 ፊደል ነበር፤ ረጅሙ ቃል 8 ፊደል። አዲሱ 15 ቃል፣ 42 ፊደል፤ ረጅሙ ቃል 4 ፊደል። የቃሉ ብዛት በአንድ ጨምሯል! በገጽ የቃል ቁጥር ብቻ ደረጃ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አዲሱን ገጽ ከድሮው የከበደ ነው ይለዋል። እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች የተሠሩት ብዙውን ጊዜ ቅጥያ እንደኛ በቃሉ ላይ ለማይደራረብባቸው ቋንቋዎች ነው። ለአማርኛ በገጽ ያለውን ፊደልና ረጅሙን ቃል መቁጠር የበለጠ እውነት ይናገራል። ለዚህ መጽሐፍ የያዝነው ጣሪያ በገጽ 45 ፊደል፣ በቃል 5 ፊደል፣ በዓረፍተ ነገር 4 ቃል ነው።

«ቃጭ! ቃጭ!» የተጨመረው ለጌጥ አይደለም። ልጁ «ቃጭ»ን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ቀጥሎ «ቃጭሉን» ሲያገኝ ግማሹን አንብቦ ጨርሷል።

የጠፋ ነገርም አለ። «ጥጃው ስላልተመለሰላት ተጨነቀች» ገጽ 4 ላይ «ጥጃው አልመጣም። ሳባ ፈራች።» ሆኗል። ምክንያቱን የሚያስረው «ስላል-» ጠፋ፤ አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ ብቻ ነው የሚያያይዛቸው። ስለዚህ ምክንያቱ ምንጊዜም ቀድሞ መምጣት አለበት። «ሳባ ፈራች። ጥጃው አልመጣም።» ብሎ የተገለበጠ ገጽ ላይ ልጆች «ለምን ፈራች?» ሲባሉ መልስ አላገኙም። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል በየቦታው መሰካት ደግሞ ጽሑፉን የትምህርት ማስታወሻ ያስመስለዋል፤ በመጽሐፉ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

ደረጃ 5፦ አጭር ሆነው የሚያሳስቱ

ይህ ደረጃ ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ወሰደ። ቃላቱ ሲያጥሩ አንድ አዲስ ችግር መጣ፦ በአጭር ቃል ላይ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፣ አጻጻፋችን ደግሞ አያሳየውም። በዩኒኮድ የማጥበቂያ ምልክት አለ፣ ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጥ፤ ነገር ግን ልጆቹ በሌላ መጽሐፍ አይተውት ስለማያውቁ ተጨማሪ የሚማሩት ነገር ነው የሚሆነው። ተወው።

ገጽ 7 ላይ «ቃጭሉ ይሰማል» የሚል ነበር። ሲላላ ቃጭሉ ራሱ ጆሮ አውጥቶ ይሰማል፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል። አዋቂ ሳያስብ ያጠብቀዋል። ጀማሪ አንባቢ አላልቶ ያነብና ግር ብሎት ይቆማል። የተተካው በ«ሳባ ቃጭሉን ሰማች» ነው፦ ማን እንደሰማ ግልጽ ሆነ፣ ችግሩም ጠፋ።

«መንገድ ላይ ሳለች» የሚለው ደግሞ ቢላ ሳለች፣ ሥዕል ሳለች፣ ወይስ መንገድ ላይ ነበረች? በዚህ ደረጃ «ሳለች» አያስፈልግም። «ሳባ መንገድ ላይ ናት» ይበቃል።

ትልቁ ግን «አለች» ነው። ለጀማሪ መጽሐፍ ወርቅ የሆነ ቃል ነው፦ «ዝም አለች»፣ «ቁጭ አለች»፣ «ብድግ አለች» እያሉ ረጃጅም ግሦችን መተካት ይቻላል። ገጽ 6 ላይ የነበረው «አቀረቀረች» ለምሳሌ «ዝም አለች» ሆኗል። «አቀረቀረች» ውስጥ «ቀረ» ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ልጆች አንዱን ይዘሉትና «አቀረች» ብለው ያነባሉ፤ አንገቷን መድፋቷን ሥዕሉ ያሳያል። ችግሩ «ሳባ ቤት አለች» የሚል ዓረፍተ ነገርም በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ነው። አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ ከ«…» ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ ንግግር ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ «አለች» ለንግግርና ለ«ዝም አለች» ዓይነቶቹ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። መኖርን ለመግለጽ ሁሉም ቦታ «ናት»።

አንድ አስቂኝም ነበረ። ገጽ 10 ላይ ጥጃው ሳባን ሲያያት «ጥጃው አያት» ተብሎ አጠረ። ሁለት ቃል፣ ስድስት ፊደል፤ በቁጥር ካየነው የመጽሐፉ ቀላሉ ገጽ። አንባቢዎቹ ግን ሥዕሉ ላይ አያት ፈለጉ። «ጥጃው ሳባን አየ» ሆነ።

ደረጃ 6፦ ጥጃዋ ወይስ ጥጃው

በመጀመሪያው ጽሑፍ ጥጃዋ እንስት ነበረች። ዓረፍተ ነገሮቹ ሲያጥሩ ይህ ብቻውን ገጾች አበላሸ። «ጥጃዋ» ማለት እንስቷ ጥጃ ማለትም ነው፣ የሳባ ጥጃ ማለትም ነው። በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌሎቹ ቃላት ያቀኑታል። «ጠራቻት። ሰማቻት። መጣች።» ሲሆን ግን ማን ጠራ፣ ማን መጣ?

በየቦታው «ሳባ» እና «ጥጃዋ» እያሉ ስም መድገም ተሞከረ፤ ግልጽ ሆነ፣ ፊደሉ ግን ከጣሪያው አለፈ። የተሻለው ጥጃውን ወንድ ማድረግ ነው። «ጠራችው። ሰማት። መጣ።» ስም ሳይደገም ማን ምን እንዳደረገ ግሡ ራሱ ይናገራል፣ የወንዱ ግሥም በአንድ ፊደል ያጥራል፦ «መጣች» ሦስት፣ «መጣ» ሁለት። ሥዕሉን መንካት አላስፈለገም፤ ትንሽ ጥጃ ነው፣ ጾታው አይለይም። ሁለት ገጸ ባሕርይ ብቻ ያለው መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው አንዷን እንስት፣ አንዱን ተባዕት ቢያደርግ ይህ ሁሉ አይመጣም።

በዚሁ አጋጣሚ «ቤቷ»፣ «አንገቷ» የሚሉትም ወጡ። «ቷ» ከሰባቱ የፊደል ዘሮች ውጭ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚለመደው። «ወደ ቤቷ ሄደች» «ወደ ቤት ሄደች» ሲባል የሚጎድል ነገር የለም።

ደረጃ 7፦ ሙከራና ገጽ ቅንብር

ለሙከራ በጥቁርና ነጭ የተባዛ፣ ሥዕሉ የታየበት ቅጂ ይበቃል፤ ባለቀለም ማተም ገንዘብ ማቃጠል ነው። ልጁ ያነባል፣ አጠገቡ ያለው ሰው በሌላ ቅጂ ላይ ምልክት ያደርጋል፦ ቆሞ የቀረበትን ቃል ማክበብ፣ ተሳስቶ ራሱ ያረመውን ከሥር ማስመር፣ በትክክል አንብቦ ትርጉሙን ያላወቀውን በጥያቄ ምልክት። ማረም፣ ማገዝ፣ «ጎበዝ» ማለት የለም፤ ልጁ የአዋቂውን ፊት ማንበብ ይጀምራልና። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ የተከበበበት ገጽ ወደ ደረጃ 4 ይመለሳል።

ክቦቹ የበዙት በጠበቅነው ቦታ አልነበረም። «ሊመሽ» ላይ ጥቂት ቆሙ። «ሮጠች» ላይ ብዙ ተሰመረ፤ «ሮ»ን ከ«ር» ጋር እያምታቱ ነበር፣ ይኸውም የቃሉ ሳይሆን የፊደሉ መጠን ችግር ሆኖ ተገኘ። ፊደሉን ከ18 ወደ 24 ነጥብ ማሳደግና ቅጥልጥል ጌጥ የሌለው ፎንት መጠቀም አብዛኛውን ፈታው።

ፊደሉ ሲያድግ ግን ቦታ ጠበበ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይሁን ስላልን ገጽ 5 ስድስት መስመር ሆነ፣ ሥዕሉን ነካ። ገጽ መጨመር በአንድ አይሆንም፦ መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ በአራት በአራት ገጽ ነው የሚያድገው፤ 16 ካልሆነ 20። አራት ገጽ ማለት ደግሞ ወረቀት ብቻ ሳይሆን አዲስ ሥዕልም ነው። ስለዚህ ገጽ ከመጨመር መስመር መቀነስ ተመረጠ፤ «ጥጃው የለም» ወደ ገጽ 4 ሄዶ «ጥጃው አልመጣም»ን ተካ። ትርጉሙ አልተጎዳም፣ እንዲያውም ገጽ 4 ቀለለ።

አንድ ቅጂ ውጭ አገር ላለ የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ተልኮ ነበር። እዚያ ክብ ጥቂት ነው፣ የጥያቄ ምልክት ብዙ። «ጥጃ»ን አንብበው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ «በረት»ንም። እነዚህን በቀላል ቃል መተካት አይቻልም፣ ከነሱ የቀለለ የለም። ገጽ 1 ላይ ሥዕሉ አጠገብ «ጥጃ»፣ «ቃጭል»፣ «በረት» ብሎ በቀስት ማመልከት ለነሱ በቂ ነው፣ እዚህ ላሉት ልጆችም አይጎዳም።

አሁን ያለበት

ከገጽ 1 እስከ 11 ተዘግቷል። ገጽ 12 ገና ነው፦ «ተቃቀፉ» የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው፣ ከጣሪያው በታች፤ ግን «ቃቀ» ላይ ሁሉም ይሰናከላሉ። «ሳባ ጥጃውን አቀፈችው» ተሞክሮ «አቀፈችው» ላይ ያው ሆነ። ቀጥሎ የሚሞከረው «ሳባ ጥጃውን ሳመችው» ነው፤ ሥዕሉ ላይ ፊቷ ጥጃው ግንባር ላይ ስለሆነ ይሄዳል። እሱ ካለፈ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ፈልግና ተካው አንድ ጊዜ እንደገና ይደረጋል፤ በመጨረሻ ሰዓት እርማት ላይ «፡፡» ተመልሶ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።